የቲቸር ቆርኪ ሩብና ስምንተኛ

ዳይሬክተሩ «ስለ ባልደረባዎ አንድ ሁለት ገጽ ይጻፉልኝ፤ ማን እንደሆነች፣ እንዴት እንደምታስተምር። ለፋይሏ ነው» ሲለኝ እሺ ያልኩት ሌላ መልስ ስላልነበረኝ ነው። እኔ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። እሷ የሙከራ ዓመቷን ያልጨረሰች የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ዳይሬክተሩ ደግሞ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ የሰባት ማባዣ አልገባ ብሎት ሲያለቅስ አፍንጫውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ። አሁን እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ ነው የምንነጋገረው። ጊዜ እንዲህ ነው።

ስሟን ልጆቹ አይጠሩትም። ቲቸር ቆርኪ ነው የሚሏት። የመጣች ቀን ትከሻዋ ላይ የነበረው ማዳበሪያ መሬት ሲያርፍ ቅጭል ቅጭል ብሎ ጮኸ፤ ውስጡ ከየመጠጥ ቤቱ በር የለቀመችው የጠርሙስ ቆርኪ ነበር። እኔን ልጆቹ «ጋሽ መስመር» ይሉኛል። አንድ ሜትር የእንጨት ማስመሪያዬን ይዤ ካልሆነ ክፍል አልገባም፤ ሰሌዳ ላይ ጠማማ መስመር ሳይ ጥርሴን ያመኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የክፍሉ ኃላፊ የሚይዘው የሒሳብ ቁም ሳጥን ቁልፍ ቀበቶዬ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

የሷና የኔ ሦስተኛ ክፍል የሚለያየው በስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። በዚያ በኩል ሰው ቢያስነጥስ በዚህ በኩል «ይማርህ» ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ አርባ ሁለት ልጅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዞ ሲደበድብ።

በመጀመሪያው ሳምንት አቤቱታ ይዤ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ቆሜ አየሁ። ልጆቹ በአራት ቡድን ተቀምጠዋል። ትልቁ የዘይት በርሜል የመሰለ ጣሳ አንድ ልጅ ጋ አለ። ሁለተኛው ቡድን የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ተቆርጦ አፋቸው ላይ የተወጠረባቸው የወተት ጣሳዎች ይዟል። ሦስተኛው ቆርኪ በምስማር ተበስቶ ሽቦ ላይ የተሰካበት ባላ እንጨት ነው። አራተኛው ሁለት ሁለት የመጥረጊያ እጀታ ቁራጭ። እሷ በእግሯ መሬቱን እየመታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ትላለች። ትልቁ ጣሳ አንድ ላይ ብቻ ይመታና እስከ አራት ዝም ይላል፤ እሱ ሙሉ ነው። ጣሳዎቹ አንድና ሦስት ላይ ይመታሉ፤ ግማሽ። ቆርኪዎቹ በየቁጥሩ፤ ሩብ። እንጨቶቹ «አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና» እያሉ ስምንት ጊዜ፤ አንድ ስምንተኛ። ሁሉም አንድ ላይ ገብተው፣ ዙሩ ሲያልቅ አንድ ላይ ይገናኛሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ያምር ነበር። አቤቱታዬን ይዤ ተመለስኩ። የተናደድኩት ስለጮኹ አይደለም። እኔ ክፍልፋይን ለማስተማር ሦስት ሳምንት ብርቱካን ስስል፣ ክብ ስከፍል እኖራለሁ፤ ከኋላ ወንበር ያሉት ያንቀላፋሉ። እዚያ ግን ከኋላ ወንበር ያለ አንድም ልጅ አላንቀላፋም። በቆርቆሮ መካከል ማን ይተኛል!

ደግሞ ያ «ዷ ጭ ጭ» የምትለው ጨዋታ ነበር። ዷ አንድ ጊዜ ጭን መምታት ነው፣ ጭ ጭ ሁለት ጭብጨባ፣ እንደገና ዷ ጭ ጭ። በመሀል በድንገት ታቆማቸውና «አሥረኛው ምንድነው?» ትላለች። መጀመሪያ በጣት ይቆጥሩ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዷ ልጅ ሳትቆጥር «ዷ!» አለች። «እንዴት አወቅሽ?» «በሦስት በሦስት ነው የሚሄደው፤ ዘጠኝ ላይ ያልቃል፤ አሥር አዲስ መጀመሪያ ነው።» «ሃያኛውስ?» «ጭ። አሥራ ስምንት ላይ ያልቃል፤ አሥራ ዘጠኝ ዷ፣ ሃያ ጭ።» እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጠመኔ እንደያዝኩ ቀረሁ። ያቺ ልጅ ባለፈው ዓመት እኔ ጋ ወድቃ ዘንድሮ ክፍሉን የምትደግም ናት። የሰጠኋት ውጤት እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ አራት ከሃያ።

የጀመርኩትን የብርቱካን ሥዕል ከሰሌዳው ላይ ጠረግኩት።

ቤቴ ስገባ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ባዶ ጣሳ አጥባ በሰልፍ ደርድራለች።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«የቲቸር ቆርኪ ነው። የጎረቤታችን ልጅ እሷ ጋ ነው የምትማረው፤ ሰብስቡ ብላለች።»

«እና አንቺ ምን አገባሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጣሳ አይደል እንዴ! ምን ይቆጭሃል? ሩብ እኮ ምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አንዱን ጣሳ እመታና ሦስቱን እተዋለሁ።» ምጣድ ክዳን ላይ በማንኪያ አሳየችኝ፤ ያውም አሳስታ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ይቺ ሴት አንድ ቀን «ዛሬ ምን አስተማርክ?» ብላኝ አታውቅም። አሁን ለሰው ጣሳ ታጥባለች። ሰው በሚስቱ ይቀናል ሲባል እሰማ ነበር፤ በጣሳ ምክንያት ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት እሷው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቷ በቆርኪ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። «ጋሼ፣ ጫጫታችን አስቸገረዎት አይደል?» አለችኝ። «የለም የለም» አልኩ፤ ውሸቴን። አባቷ ቆርቆሮ ሠሪ እንደነበሩ የነገረችኝ ያን ቀን ነው። እሷ ያደገችው በመዶሻ ድምፅ ነው፤ ዝም ሲል ነበር የምትነቃው። አባቷ አንዱን ሙሉ ቆርቆሮ በመዶሻ ጫፍ አራት ቦታ ነካ ነካ አድርገው፣ ማስመሪያ ሳይነኩ፣ እኩል አራት ኩባያ ያወጡበት ነበር። «ትምህርት ቤት ገብቼ 'አንድ አራተኛ' ሲሉኝ ግን አላወቅኩትም፤ አንዱ ከላይ፣ አራቱ ከታች፣ መሀሉ መስመር። አባቴ ጋ ያለው ሩብ መሆኑን የነገረኝ የለም። አራተኛ ክፍል ወደቅኩ።» ከዚያ ሳቀች። «አስተማሪያችንም እንደርስዎ ትልቅ ማስመሪያ ነበራቸው።»

ክፉ ብላ አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያኘኩት ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ዜናውን ነገረን። ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር ትመጣለች፤ የቲቸር ቆርኪን ትምህርት ታያለች። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ የሙከራ ጊዜዋ ያበቃል፤ ብቻም አይደለም፣ አሠራሩ በሁሉም ሦስተኛ ክፍል እንዲገባ እሷ የሒሳብ ክፍሉን ትይዛለች። «እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ ጋሼ» አለኝ ያ አፍንጫውን የጠረግኩለት ልጅ። እጄ ሳላዝዘው ቀበቶዬ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ።

ስህተቷን ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ሜዳ ላይ ነው። እኔ ጋ የወደቀችው ያቺ ልጅና ጓደኛዋ አንድ ዳቦ ሊካፈሉ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ዳቦው የጓደኛዋ ነው።

«ሩቡን ልስጥሽ» አለቻት ጓደኛዋ።

«እምቢ! ስምንተኛውን ስጪኝ!»

«ስምንተኛውን?»

«አዎ፣ ስምንተኛው ይበልጣል። ሩቦቹ አራቴ ነው የሚመቱት፤ እኛ ስምንቴ ነን።»

ጓደኛዋ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ፈገግ ብላ ዳቦውን ስምንት ቦታ ቆራርሳ አንዷን ፍርፋሪ ሰጠቻት። ልጅቷ ፍርፋሪዋን እያየች ግራ ገባት፤ ግን «ጥያቄሽ ይሄው ነው» ስትባል ምን ትበል?

ወዲያው ገባኝ። ልጆቹ የሚቆጥሩት ምቱን ነው። ስምንት ጊዜ የመታ ብዙ የሠራ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ስምንተኛ ትልቅ ነው። ክፍልፋዩ ያለው ምቱ ላይ ሳይሆን ከምት እስከ ምት ባለው ርዝመት ላይ መሆኑን ማንም አላሳያቸውም። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ እጄ ላይ ነው ያለው። አንድ ረጅም የወረቀት ጥብጣብ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ያ ሙሉ ዙሩ ነው ማለት። ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ማጠፍ። ከዚያ ልጁ በመታ ቁጥር የራሱን ቁራጭ ያህል ብቻ ይራመድ። ባለ ትልቁ ጣሳ በአንድ ምት ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ ባለ እንጨቱ በአንድ ምት ጫማውን እንኳ አያሳልፍም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ተነስቼ እሷ ክፍል በር ድረስ ሄድኩ። ሽቦ እየጠመዘዘች ነበር። «ጋሼ! ይግቡ» አለች። አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩትና «ጠመኔ አለሽ?» አልኳት። ጠመኔ ኪሴ ውስጥ ሞልቶ ነበር።

እንዲህ ነው ቅናት። ሰው ሲቀና ክፉ ነገር ያደርጋል ይላሉ፤ እኔ ምንም አላደረግኩም። ዝም አልኩ እንጂ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ስምንተኞቹ በኩራት ሲመቱ እየሰማሁ ዝም አልኩ። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ጩኸቱ አላስቸገረኝም። ባለቤቴ «ሰሞኑን ፊትህ ፈካ» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። የራሴ ልጆች የዚያን ወገን ምት እየሰሙ በእግራቸው ጠረጴዛ ሥር ይመቱ ነበር። «እግር!» እላለሁ፤ ዝም ይላሉ። ዞር ስል ይጀምራሉ። ለብሔራዊ መዝሙር እንደሚቆም ሰው ቀጥ አድርጌ አቁሜ «ታቹ ሲበልጥ ቁራሹ ያንሳል» የሚለውን ደንብ በቃላቸው አስይዣቸዋለሁ። ስለዚህ ስለ እኔ ክፍል አልሰጋሁም።

ሱፐርቫይዘሯ መጣች፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ብዙ የማትናገር ሴትዮ። እሷ፣ ዳይሬክተሩና እኔ የቲቸር ቆርኪ ክፍል ኋላ ተቀመጥን። ልጆቹ መቱ። እንደዚያ ቀን አምሮ ሰምቼው አላውቅም። ሱፐርቫይዘሯ እስክሪብቶዋን ጉልበቷ ላይ መታ መታ ታደርግ ጀመር። ዷ ጭ ጭም ሆነ፤ አሥራ ሰባተኛው ተጠየቀ፤ «ጭ!» ተባለ፤ ትክክል። ቲቸር ቆርኪ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ዓይኗ እንደ ልጅ ያበራል።

«የሒሳብ ክፍል ኃላፊው የሚጠይቁት ካለ?» አለች ሱፐርቫይዘሯ።

ተነሳሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፤ ግን ተነሳሁ።

«ልጆች፣ ከአንድ አራተኛና ከአንድ ስምንተኛ የትኛው ይበልጣል?»

አርባ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ ጣሪያው እስኪነሳ፦ «ስምንተኛ!»

ቲቸር ቆርኪ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም፤ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከዚያ ወደ ጣሳዎቹ አየች፣ ወደ እንጨቶቹ አየች፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንደገባት አየሁ። ፊቷ አመድ መሰለ። ልጆቹ ደግሞ ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ እሷን ያያሉ። ያንን ለማየት ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፤ ሳየው ግን የጠበቅኩት ጣዕም አልነበረውም። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። ልዋሽ አልችልም፤ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሱፐርቫይዘሯ መነጽሯን አወለቀች። «እስቲ ይህንኑ ጥያቄ እርስዎ ክፍል እንጠይቀው» አለችኝ።

ደረቴን ነፍቼ መራሁ። ልጆቼ ብድግ ብለው ቁጭ አሉ። ጠየቀች።

ግማሾቹ «አራተኛ» አሉ፤ ግማሾቹ ግን «ስምንተኛ»። እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ከሁሉም ጎበዜ የምለው፣ ፊት ወንበር የሚቀመጠው ልጅ እጁን አወጣ።

«ስምንተኛ ይበልጣል።»

«ለምን?» አለችው።

«ከግድግዳው ወዲያ ሲመቱ እኛም በእግራችን እንመታለን። ስምንተኞቹ ይበዛሉ። እኔ ሁሌ ስምንተኛ ነኝ።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ደንቡስ? ታቹ ሲበልጥ?»

«ቁራሹ ያንሳል» አለ ሳያቅማማ። ከዚያ አዝኖልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ እኮ የፈተና ነው ቲቸር» አለኝ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይባላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ደንብ የፈተና ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የመጣው ስህተት ግን እግራቸው ውስጥ ገብቷል፤ እየሰማሁ፣ እያወቅኩ ነው የገባው። ሱፐርቫይዘሯ ኮሪደሩ ላይ «ያቺን ጥያቄ ቶሎ ነው ያገኟት» አለችኝና መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

ቲቸር ቆርኪን ዕቃ ክፍል አገኘኋት። ቆርኪዎቹን ወደ ማዳበሪያው እየመለሰች ነበር፤ አታለቅስም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

ቀና አለች። «ምኑን?»

«ስምንተኛው ይበልጣል እንደሚሉ። ሜዳ ላይ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ጋሼ?»

«ሦስት ሳምንት።»

የማዳበሪያውን አፍ ለቀቀች። ከዚያ አስተማሪ ተማሪን እንደሚጠይቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦ «ሦስት ሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«ተርሙስ?»

«ስልሳ።»

«አሥራ አምስት ከስልሳ ስንትኛ ነው?»

ጠበቀችኝ። ቆርኪ እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

«አንድ አራተኛ» አልኩ።

«የልጆቹን ሩብ ተርም ወሰዱ» አለች። «የኔን ይተዉት። እኔ ስህተቴን ራሴ ማየት ነበረብኝ። የነሱን ግን ማን ይመልሳል?» ማዳበሪያውን አሰረች። «ይቅርታ አላደርግልዎትም፤ ዛሬ አላደርግም። ነገ ግን መድኃኒቱን ካወቁት ይዘው ይምጡ።»

በማግስቱ የወረቀት ጥብጣቤን ይዤ ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ክፍሎች ሜዳ ላይ አንድ ላይ ወጡ። ጥብጣቡን ዘረጋሁ፤ አጠፍኩ፤ በማስመሪያዬ መስመር አሰመርኩበት። እሷ ትልቁን ጣሳ አንስታ እኔ እጅ ላይ አኖረችው። «እርስዎ ሙሉ ነዎት» አለች። «አንድ ላይ ይምቱና እስከ አራት ይጠብቁ።»

መትቼ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። ሁለት ላይ መምታት አማረኝ። ሦስት ላይ አላስቻለኝም፤ መታሁ። ሰማንያ ምናምን ልጅ ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ ይጠብቁ!» አለ ጎበዙ። እኔ ጋ የወደቀችው ልጅ በእንጨቶቿ አንዴ መትታ አንድ ስምንተኛዋን ተራመደች፤ ወደ ታች አየች፤ ከተረከዟ እስከ ጣቷ ያልሞላ። ወደ እኔ ትልቅ እርምጃ አየች። ከዚያ የዚያን ቀኑ ፍርፋሪ ትዝ አላት መሰለኝ «ውይ! ዳቦዬ!» ብላ ጮኸች።

ሱፐርቫይዘሯ የጻፈችው ደረሰ። የቲቸር ቆርኪ ሙከራ ለአንድ ተርም ተራዘመ፤ የኃላፊው ምስክርነት ታይቶ እንዲወሰን። ኃላፊው እኔ ነኝ። ቁልፉም ቀበቶዬ ላይ ነው። የፈለግኩትን አገኘሁ ማለት ነው።

ይኸው ምስክርነቱ። ስለ እሷ ጻፍ ተብዬ ሦስት አራተኛው ስለ እኔ ሆነ፤ ዳይሬክተሩ ይህን ያርመኛል ብዬ አልፈራም፤ ክፍልፋይ ድሮም አይወድም። ስለ እሷ የሚባለው አጭር ነው። የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ናት። አንድ ስህተት ሠርታለች፤ ሲነገራት በአንድ ቀን አርማዋለች። እኔ ግን የሷን ስህተት እያወቅኩ ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ቅናቴ አልሄደም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ባለቤቴ አምስት ጣሳ በፌስታል አድርጋ «ለቲቸር ቆርኪ ስጥልኝ» ስትለኝ «እኔ ተሸካሚዋ ነኝ?» አልኩ። ይዤላት ሄድኩ። ቁልፉን ከቀበቶዬ ፈትቼ አምስተኛው ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት፤ መንገዱን ሙሉ ሲንኳኳ ሰማሁት።